ትልልቆቹ ያላዩት እግረኛ



ዛሬ ወደዚህ የፍላቂት አዳራሽ ስመጣ መንገዱን ግራና ቀኝ እያየሁ ነው የመጣሁት። አንዱ ሱቅ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ዘይትና ክብሪት ደርድሯል፤ ቀጥሎ ያለውም ያንኑ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ያንኑ። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም። እኔ ራሴ ንግድ የጀመርኩት በእንዲህ ያለ ሱቅ ነው። ደንበኛ ከእኔ የሚገዛው ጎረቤቴ ሲዘጋ ብቻ እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነበር። በዓመቱ ዘጋሁት። ያን ጊዜ ሳልጠይቀው የቀረሁትን አንድ ጥያቄ ነው ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት።

ጥያቄው ይህ ነው፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች በሚያቀርቡት ዕቃ ወይም አገልግሎት በደንብ የማይስተናገደው ትንሽ ቡድን የትኛው ነው? የንግድ ትምህርት እንዲህ ያለውን ቡድን «ኒሽ» ይለዋል። እኔ ጠባብ ገበያ እለዋለሁ። ጠባብ የምለው ሰዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ነው፤ ችግራቸው ግን አንድ ዓይነት ነው፤ አሁን ያለው ዕቃ ለእነሱ ታስቦ አልተሠራም።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። ምሳሌው እዚሁ መቄት ውስጥ፣ በገደሉ ጫፍ ላይ አለ።

ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ወደ አገራችን የሚመጣ ጎብኚ እንዴት ይስተናገድ እንደነበር አስታውሱ። አዲስ አበባ ያሉት አስጎብኚ ድርጅቶች የሚሸጡት አንድ የታወቀ ጉዞ ነበር፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም። እንግዳው በአውሮፕላን ይደርሳል፣ ሆቴል ያርፋል፣ ቤተ ክርስቲያኖቹን ያያል፣ በማግስቱ ይበራል። ለብዙው ጎብኚ ይህ ጥሩ ነው፤ ጊዜው አጭር ነው፣ ዕድሜውም ገፍቶ ይሆናል።

ከእነዚህ ጎብኚዎች መካከል ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ይህ ሰው በእግሩ መሄድ ይወዳል። ከመኪና መስኮት የሚያየውን ገበሬ ቀርቦ ሰላም ማለት፣ ከቤቱ ቡና መጠጣት፣ ጭላዳውን በቅርብ ማየት፣ ማታ ጸጥ ባለ ቦታ ማደር ይፈልጋል። ይህ ሰው ሁለት ምርጫ ነበረው። አንደኛው የተዘጋጀውን ጉዞ ገዝቶ እንደ ሌላው በመኪናና በአውሮፕላን መጓዝ ነው። ሁለተኛው ድንኳን፣ ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ምግብና አጋሰስ ራሱ አሟልቶ፣ ትንሽ ዘመቻ እንደሚያደራጅ ሰው ሆኖ መነሳት ነው። ይህ ሁለተኛው ውድ ነበር፤ አድካሚም ነበር፤ ያም ሆኖ የሚያደርጉት ሰዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። ሰው የጎደለውን ነገር ራሱ እየጠጋገነ፣ እየተቸገረና እየከፈለ ሲያደርገው ካያችሁ እዚያ ገበያ አለ። «ቢኖር ደስ ይለኛል» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እሱን አትቁጠሩት። ድንኳን በአጋሰስ ጭኖ ተራራ የወጣውን ሰው ግን ቁጠሩት። ያ ሰው ፍላጎቱን በገንዘቡና በጉልበቱ አስመስክሯል።

ትልልቆቹ አስጎብኚዎች ይህን ሰው ለምን በደንብ አላስተናገዱትም? ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። የሃያ ሰው ቡድን ለማስተናገድ የሚጻፈው ደብዳቤ፣ የሚደወለው ስልክና የሚመደበው አስጎብኚ ለሁለት እግረኞች ከሚያስፈልገው ብዙም አይበልጥም፤ ትርፉ ግን እጅግ የተራራቀ ነው። ደግሞም በገደል አፋፍ ላይ ሆቴል አይሠራም፤ መንገድ የለም፣ መብራት የለም። ለእነሱ ያን ሰው መተው የሚያዋጣ ውሳኔ ነበር። እንግዲህ ትልቁ ድርጅት የተወበት ምክንያት ከራሱ አሠራር የሚመነጭ ከሆነ ነገ በቀላሉ ተመልሶ አይመጣባችሁም። ምክንያቱ መርሳት ብቻ ከሆነ ግን እናንተ ስትጀምሩ ያስታውሳል፤ በአንድ ወር ውስጥም ይቀድማችኋል። ይህን ልዩነት ሳትመረምሩ ገንዘብ አታውጡ።

ያኔ መቄት ውስጥ ሴቭ ዘ ችልድረን ዩኬ በምግብ ዋስትና ላይ ይሠራ ነበር። ማርክ ቻፕማን የተባለ እንግሊዛዊ ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሆኖ የጀመረው ሥራ በኋላ «ተስፋ» ተባለ። ስሙ ከረጅም የእንግሊዝኛ ስያሜ የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ነው፤ ፊደላቱ ሲገጣጠሙ ግን የእኛኑ ቃል ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2003 መቋት ማርያም ላይ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች አደሩ። ቀጥሎ ዋጀላና ሌሎችም ቦታዎች ተጨመሩ፤ ሥራው ከጊዜ በኋላ ወደ ላሊበላ ዙሪያ ተራሮችና ወደ ትግራይም ተስፋፋ።

የተሠራው ነገር ምን እንደነበር በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ትንሹን ቡድን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ለእሱ የሚስማማውን መሥራት ሌላ ነው። በድንጋይና በሣር ክዳን እንደ እኛ ቤት የተሠሩ ጥቂት ጎጆዎች። ውስጣቸው ንጹሕ አልጋና ብርድ ልብስ። ገደሉን ቁልቁል የሚያይ ሽንት ቤት። በየቦታው ያለው ማኅበረሰብ ምግብ ያበስል፣ ቡና ያፈላ፣ ያስተናግድ ነበር። ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ጓዝ የሚሸከመው የገበሬው አህያ ነበር፤ መንገድ የሚመራው የአካባቢው ልጅ ነበር። እንግዳው ለሁሉም በአንድ ላይ ይከፍል ነበር፤ በየደረጃው ሲደራደርና ሲነዘነዝ አይውልም ነበር። ከገንዘቡም ትልቁ ድርሻ እዚያው ላለው ማኅበረሰብ ይደርስ ነበር።

እስኪ ልብ በሉ፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አዲስ የተፈለሰፈ ዕቃ የለም። ጎጆው የእኛ ነው፣ አህያው የእኛ ነው፣ እንጀራውና ቡናው የእኛ ነው። የተጨመረው ያ እግረኛ የሚቸገርባቸው ነገሮች ላይ ነው፤ ንጽሕና፣ የተቆረጠ ዋጋ፣ «ዛሬ ማታ ማደሪያህ ዝግጁ ነው» የሚል እርግጠኝነት። ከሁሉም ከባዱ ይህ ሦስተኛው ነበር። ለንደን ወይም በርሊን የተቀመጠ ሰው መቋት ማርያም ላይ አልጋ እንዴት ይይዛል? ስለዚህ ቀጠሮውን የሚይዝ ቢሮ አዲስ አበባ ውስጥ አስፈለገ። በዚህም በኩል የሆነውን ነገር እወደዋለሁ፤ መጀመሪያ ያን እግረኛ የተዉት አስጎብኚ ድርጅቶች «በእግር መሄድ እፈልጋለሁ» የሚል ደንበኛ ሲያገኙ ወደዚህ ይልኩት ጀመር። ትልቁ ድርጅት የትንሹ አሻሻጭ ሆነ ማለት ነው። ጠባብ ገበያ የያዘ ሰው ከትልልቆቹ ጋር ሁልጊዜ መጣላት የለበትም፤ እነሱ የማይፈልጉትን ደንበኛ በደስታ ይሰጡታል።

ጠባብነቱ ራሱ መጠበቂያ እንደነበረም አስተውሉ። ጎጆዎቹ ጥቂት በመሆናቸው ጸጥታው አልጠፋም። ያ እግረኛ የከፈለው ለጸጥታው ነበርና፤ አንድ ማረፊያ አርባ ሰው ቢያሳድር ኖሮ የሚሸጠው ነገር ራሱ ያልቅ ነበር።

አሁን ደግሞ ያመመንን እናንሳ። በ2012 ዓ.ም መጋቢት ኮሮና ገባ፤ አውሮፕላኑ ባዶውን ቀረ። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ጦርነቱ ላስታና መቄት ድረስ ዘለቀ፤ እያንዳንዳችን ያየነውን አይተናል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህም ክልላችን ሰላም አላገኘም። እንግዳ ሲቀር አህያው ጭነት አጣ፣ ጎጆው ሰው አጣ። ይህ የጠባብ ገበያ ትልቁ አደጋ ነው፤ ደንበኞቻችሁ ሁሉ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ምክንያት የሚመጡ ከሆነ መንገዱ ሲዘጋ ሁሉም በአንድ ቀን ይቀራሉ። ሱቅ ያለው ሰው አሥር ደንበኛ ቢያጣ ሃያ ይቀሩታል። የውጭ አገር እግረኛ ብቻ የሚያስተናግድ ሰው ግን ምንም አይቀረውም። መቄት ላይ ሰዎቹን ያዳናቸው እርሻቸውን አለመተዋቸው ነው፤ እንግዳው ተጨማሪ ገቢ ነበር። እናንተም ጠባብ ገበያ ስትይዙ በሬያችሁን አትሽጡ።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ ሰው ጥያቄውን ለአገር ውስጥ ደንበኛ ቢጠይቀው እመርጣለሁ። አንድ ምሳሌ አብረን እንሥራ። ምሳሌው ገና ያልተሞከረ ነው፤ ዋጋዎቹንም ለስሌት እንዲመቹ እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው፤ እናንተ በእውነተኛው የገበያ ዋጋ ተኩት።

በየዓመቱ ለገና ወደ ላሊበላ የሚጎርፈውን ሕዝብ ታውቁታላችሁ። ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ስለዚህ «ምዕመናን» ብለን ብንጀምር ጠባብ ገበያ አላገኘንም። እናጥበው። ጊዜው ጾመ ነቢያት ነው። ከጾመኞቹ መካከል ደግሞ ከከተማ በመኪና የሚመጡ አረጋውያን አሉ። ከነሱም ውስጥ ጥርሳቸው ያለቀ እናቶችና አባቶች አሉ። እነዚህ ሰዎች በመንገድ ላይ ምን ይበላሉ? ቆሎ አይችሉም። ዳቦ ቆሎም ይከብዳቸዋል። ከየሱቁ የሚገኘው የፋብሪካ ብስኩት ብዙው ወተት ይገባበታል፤ ወተት የሌለበትም ቢሆን ጣፋጭ ነው፤ ብዙ አረጋዊ ደግሞ ጣፋጭ አይወድም ወይም ተከልክሏል። ብስኩት ፋብሪካው እነዚህን ሰዎች አልጠላቸውም፤ የሚያመርተው ለተማሪ ልጅና ለሻይ ሰዓት ነው።

ታዲያ እነሱ ምን ያደርጋሉ? የድሮው በሶ አለ። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በፌስታል ቋጥሮ ይሰጣቸዋል። አንዱ ጨው ይረሳል፣ አንዱ ሳይነፋ ይልከዋል፣ ፌስታሉ መኪና ውስጥ ይፈነዳል፣ የሚበጠብጡበት ኩባያ ይታጣል። ይኸውላችሁ ያ የመጠጋገን ምልክት። የእኛ ደጋ ደግሞ የገብስ አገር ነው።

«የታሸገ በሶ አዲስ አበባ ሞልቷል» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ልክ ነው። ያ የታሸገ በሶ ግን ለቤት የሚሆን በኪሎ የታሸገ ነው። እኛ የምናስበው ለአንድ ጊዜ የሚበቃ፣ በደንብ የተነፋ፣ ጨው የተመጠነበት፣ ውሃ ተጨምሮ በራሱ ከረጢት ውስጥ የሚታሽ 150 ግራም ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ለዚያች እናት ግን ልዩነቱ መብላትና አለመብላት ነው።

እንቁጠር። 1 ኩንታል ገብስ በ8,000 ብር ገዛን እንበል። ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶና ተነፍቶ 70 ኪሎ በሶ ወጣው እንበል፤ ይህን እናንተ በሚዛን አረጋግጡት፤ ገብሱ ከዘር ዘር ይለያያል። 70 ኪሎ በ150 ግራም ሲካፈል 466 ከረጢት ይሆናል። ለማገዶ፣ ለወፍጮና ለጉልበት 2,500 ብር፤ ለከረጢት በ4 ብር ሒሳብ 1,864 ብር፤ ለማጓጓዣ 1,200 ብር። ድምሩ 13,564 ብር ነው። አንዱን በ45 ብር ብንሸጥ ወጪያችንን ለመመለስ 302 ከረጢት መሸጥ አለብን። ከዚያ በታች ከሸጥን ኪሳራ ነው። ሁሉንም ብንሸጥ 7,406 ብር ይተርፋል። እንግዲህ ጥያቄው «በሶ ጥሩ ነው ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «302 ሰው የት አገኛለሁ?» ሆነ። ይህ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የሚበላው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ነው። እናቲቱ ገንዘብ አታወጣም፤ የሚገዛላት ደሴ፣ ወልድያ ወይም አዲስ አበባ ያለ ልጇ ነው። ስለዚህ ከረጢቱን ላሊበላ ጎዳና ላይ ዘርግቶ መጠበቅ ዘግይቶ መምጣት ነው። ልጁ እናቱን አውቶቡስ የሚያሳፍርበት መናኸሪያ፣ ጉዞ የሚያዘጋጁ የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራት፣ የሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት፤ ሽያጩ ያለው እዚያ ነው። አንድ የጉዞ ማኅበር አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይወስዳል። አስተባባሪው ከተስማማ በአንድ ንግግር ሃያና ሠላሳ ከረጢት ይሸጣል። ጠባብ ገበያ ሲገኝ እንዲህ ሰዎቹ አንድ ላይ የሚገኙበትን ቦታ ማግኘት ግድ ነው። ተበታትነው በየቤታቸው የተቀመጡ 302 ሰዎች ለእናንተ ገበያ አይደሉም፤ እነሱን ለማግኘት የምታወጡት ወጪ ትርፉን ይበላዋል።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የላስታ ሰው ምዕመኑን ተቀብሎ እግር የሚያጥበው፣ ቤቱን የሚያጋራው በነጻ ነው። ያንን ወደ ገበያ ማውጣት የለብንም፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ከተማ ላለ ልጅ ስንቅ ማዘጋጀት ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚጠየቅ። «እንዲህ ያለ በሶ ባመጣ ትገዛለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ያገራችን ሰው ጨዋ ነው፤ ፊታችሁ ላይ «አልገዛም» አይላችሁም። «እግዜር ይርዳህ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው» ብሎ ይሸኛችኋል፤ እናንተም ምርቃቱን እንደ ትእዛዝ ቆጥራችሁ አሥር ኩንታል ትገዛላችሁ። ይልቅ ያለፈውን ጠይቁ። ባለፈው ገና እናትህ ስትሄድ ምን ቋጠርክላት? ማን አዘጋጀው? ስንት ፈጀ? በላችው ወይስ ተመለሰ? ያለፈ ነገር ላይ ሰው ብዙም አይዋሽም፤ የሆነውን ይናገራል። ሃያ ሰው ጠይቃችሁ አሥራ አምስቱ «ምንም አልቋጠርኩላትም፤ ችግርም አልነበረም» ካሉ ሐሳቡን ተዉት። ገብሱን ሳትገዙ ተዋችሁት፤ ምንም አልከሰራችሁም።

መልሱ ጥሩ ከሆነም አምሳ ከረጢት ብቻ ሠርታችሁ በገንዘብ ሽጡ። በነጻ አትስጡ፤ በነጻ የተሰጠ ነገር ሁልጊዜ ይወደዳል። ከዚያ ሁለተኛውን ግዢ ጠብቁ። የመጀመሪያውን ሰው የሚገዛው ለእናንተ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ዘመድ ነው፣ ጎረቤት ነው። ለሁዳዴ ተመልሶ ከመጣ ግን የገዛው በሶውን ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ገናን ብቻ ይዞ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሸጥ ነጋዴም ከመቋት ማርያም ጎጆዎች የተለየ ዕጣ አይገጥመውም።

የዓለሙንም ቢሆን አንድ ልጥቀስና ላብቃ። በእጃችሁ ካለው ስልክ ብዙው ቴክኖ ነው። የሚሠራው ትራንሽን የተባለ የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመሠረት ኖኪያና ሳምሰንግ ዓለምን ይዘውት ነበር። በአገሩ ገበያ አልተጋፋቸውም፤ ወደ አፍሪካ መጣ። የትልልቆቹ ካሜራ የጠቆረ ፊት በጨለማ ሲያነሳ ዓይንና ጥርስ ብቻ እንደሚያሳይ አየ፤ ካሜራውን ለዚያ አስተካከለ። መብራት በሚጠፋበት አገር ባትሪ ቶሎ ማለቁን አየ፤ የሚቆይ ባትሪ አደረገ። አማርኛ የሚያጽፍ ስልክ አወጣ፤ እዚህም አገር መገጣጠሚያ ከፈተ። ዛሬ ከዓለም ትልልቅ ስልክ አምራቾች ተርታ ነው። አፍሪካ ትንሽ ቡድን አይደለችም፤ በትልልቆቹ ዓይን ግን ትንሽ ነበረች። እኛም በአዲስ አበባ ፋብሪካዎች ዓይን እንደዚያው ነን፤ ስለዚህ እኛ የምናውቀውን የእኛን ሰው ችግር እነሱ ከእኛ ቀድመው አያዩትም።

በሚመጣው የገበያ ቀን አንድ ነገር አድርጉልኝ። እዚህ ፍላቂት ገበያ ላይ ቁሙና ዕቃ ገዝቶ የሚያስተካክለውን፣ የሚያስረውን፣ የሚቆርጠውን፣ የሚያሰፋውን ሰው ፈልጉ። አምስት ሰው ይበቃል። ምን እንደገዛ፣ ምኑ እንዳልተስማማው፣ ለማስተካከል ስንት እንዳወጣ በወረቀት ጻፉ። ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ እጠብቃችኋለሁ፤ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ።